«ከየት መጣ?» ሲሏችሁ ክሩን አሳዩ

ማርች 8 ቀን 2025፣ ቅዳሜ ማታ ነው። ለንደን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ተረኛ የሆነ ወዳጄ፣ በዚያች የዕረፍት ምሽቱ ወደ አንድ የኢንተርኔት ካሲኖ 6,000 ፓውንድ አስገባ። ሁለት ሁለት ሺህ እያደረገ ሦስት ጊዜ ነው ያስገባው። ከዚያ በፊት በአንድ ጊዜ ከ50 ፓውንድ በላይ አስገብቶ አያውቅም። ሰኞ ጧት አካውንቱ ታግዶ፣ ኢሜይል ደርሶት አገኘ። የገንዘቡን ምንጭ እንዲያስረዳና ማስረጃ እንዲልክ ይጠይቃል።

ደወለልኝ። «ሌባ ነህ ተባልኩ» አለኝ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

«እስቲ ኢሜይሉን አንብብልኝ» አልኩት። አነበበልኝ። ሌባ የሚል ቃል የለበትም። ያለው ጥያቄ ነው፣ ጥያቄ ደግሞ መልስ አለው። የዛሬው ጽሑፌ ያ መልስ እንዴት እንደተሠራ ነው፤ እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ኢሜይል ከደረሳችሁ ከድንጋጤ ወደ ብዕር የምትሻገሩበት ድልድይ እንዲሆናችሁ።

በመጀመሪያ ለምን እንደሚጠይቁ እንወቅ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይቆጣም። በብሪታንያ ካሲኖዎች በ2017ቱ የገንዘብ ማጠብ መከላከያ ደንብ ሥር ናቸው። አንድ ደንበኛ በአንድ ጊዜም ሆነ በተያያዙ ክፍያዎች 2,000 ዩሮ ከደረሰ ማንነቱን ማጣራት ግዴታቸው ነው፤ ነገሩ ከልማዱ ወጣ ያለ ሲሆን ደግሞ የገንዘቡን ምንጭ ይጠይቃሉ። ሳይጠይቁ ያለፉ ድርጅቶች ከባድ ቅጣት ከፍለዋል። በማርች 2023 የዊልያም ሂል ኩባንያዎች 19.2 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍሉ የቁማር ተቆጣጣሪው ኮሚሽን አስታወቀ፤ ከተገኙባቸው ጥፋቶች አንዱ አዲስ አካውንት የከፈተ ደንበኛ ምንም ሳይጣራ በ20 ደቂቃ ውስጥ 23,000 ፓውንድ እንዲያወጣ መፍቀዳቸው ነበር። እንግዲህ ከ50 ፓውንድ ተነስቶ በአንድ ምሽት 6,000 ያስገባ ሰው ባይጠየቅ ነበር የሚገርመው።

አንድ ጥንቃቄ ከሁሉ ይቀድማል። እንዲህ ያለ ኢሜይል አጭበርባሪም ይልካል። በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ማስፈንጠሪያ አትንኩ። ሁልጊዜ በምትገቡበት መንገድ ወደ አካውንታችሁ ግቡና ጥያቄው እዚያም መኖሩን እዩ። ካለ፣ ወረቀቱን በዚያው በአካውንታችሁ በኩል ላኩ። ድርጅቱ ፈቃድ ያለው መሆኑን ደግሞ በኮሚሽኑ የሕዝብ መዝገብ ላይ ማረጋገጥ ይቻላል።

ወዳጄ እኔን ከማማከሩ በፊት ቸኩሎ አንድ መልስ ልኮ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ሆነ። የጻፈው «ገንዘቡ የራሴ ነው፤ ሠርቼ ያጠራቀምኩት ነው» የሚል ሲሆን፣ አብሮ የላከው የባንክ ሒሳቡን ቀሪ ገንዘብ የሚያሳይ የስልክ ፎቶ ነው። በማግስቱ «በቂ አይደለም» የሚል መልስ መጣለት።

ለምን እንዳልበቃ ከተረዳችሁ ነገሩን ግማሹን ጨርሳችኋል። የስልኩ ፎቶ የሚያሳየው ገንዘቡ ባንክ ውስጥ መኖሩን ነው። የተጠየቀው ግን ወደ ባንኩ እንዴት እንደገባ ነው። ሌላም አለ። በደመወዝ የሚጠራቀም ገንዘብ በስቴትመንት ላይ ቀስ እያለ፣ ወር በወር ሲያድግ ይታያል። የወዳጄ ስቴትመንት የሚያሳየው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ፌብሩዋሪ 23 ቀን ከአንድ ግለሰብ በአንድ ጊዜ 8,500 ፓውንድ ገብቷል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ 1,500 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ። እርሱ «ደመወዜ ነው» ብሎ ጽፎ ስቴትመንቱ «ሌላ ሰው ላከለት» ሲል፣ የሚያነበው ሰው የሚያምነው ስቴትመንቱን ነው።

«ይህ 8,500 ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ዕቁቤ ነዋ! ወጣልኝ።»

ይኸው ነው እውነቱ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ችግሩ ዕቁብን ለማያውቅ ሰው የሚመስለው ነገር ነው። በየወሩ ብዙ ሰዎች ወደ አንድ ግለሰብ ሒሳብ ገንዘብ ይልካሉ፤ እርሱ ደግሞ ጠቅላላውን ለሌላ ግለሰብ ያስተላልፋል፤ ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ደረሰኝ የለም። ለእኛ እሑድ ከሰዓት፣ ቡና እየተፈላ፣ ዕጣ የሚወጣበት የመተማመን ማኅበር ነው። ካሲኖው ውስጥ ተቀምጦ ወረቀት ለሚያጣራ ሠራተኛ ግን ልክ ገንዘብ የሚያጥቡ ሰዎች የሚያደርጉትን ይመስላል። እርሱ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የሚያየው ቁጥርና ስም ብቻ ስለሆነ ነው። ታሪኩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ ንገሩት።

ዘዴው ቀላል ነው። ከካሲኖው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ገንዘቡ ካሲኖው ዘንድ የደረሰው ከየት ነው? ከባንክ ሒሳቤ። ወደ ባንክ ሒሳቤ የገባው ከየት ነው? ከዕቁቡ ሰብሳቢ። ሰብሳቢው ከየት አገኘው? ከዕቁብተኞቹ፣ እኔም አንዱ ነኝ። እኔ በየወሩ የምከፍለው ከየት ነበር? ከደመወዜ። ደመወዝ ላይ ስትደርሱ ቁሙ፤ የክሩ ጫፍ እዚያ ነው። ውርስ ቢሆን የክሩ ጫፍ ኑዛዜውና ንብረቱን ያጣራው ሶሊሲተር ደብዳቤ ይሆናል። የቤት ሽያጭ ቢሆን ሶሊሲተሩ ሽያጩ ሲጠናቀቅ የሚሰጠው የሒሳብ መግለጫ ነው። ስጦታ ቢሆን የሰጪው ደብዳቤና ገንዘቡ ከእርሱ ሒሳብ መውጣቱን የሚያሳይ ስቴትመንት ነው። መንገዱ ይለያያል እንጂ አካሄዱ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ወረቀት ይፈልጋል።

ወዳጄና እኔ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ሒሳቡን ሠራነው። ዕቁብተኞቹ 20 ናቸው፤ በየወሩ 500 ፓውንድ ይጥላሉ፤ ዕጣው 10,000 ይሆናል። የተጀመረው በጃንዋሪ 2024 ነው። ለእርሱ የወጣለት በ14ኛው ወር፣ በፌብሩዋሪ 2025 ነው። በዚያ ወር 17 ሰዎች በባንክ ስለከፈሉ ሰብሳቢው 8,500 በባንክ ላከለት፤ ሦስቱ በእጅ ስላመጡ 1,500ውን በእጁ ሰጠው። ስቴትመንቱ ላይ ያሉት ሁለቱ ቁጥሮች ምሥጢራቸው ተፈታ።

እዚህ ላይ ወዳጄ «አሥር ሺው ያጠራቀምኩት ነው እንበል» አለ። ቆይ አልኩት። እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ የከፈለው 14 ጊዜ 500 ነው፣ ማለትም 7,000። የቀሩት ስድስት ወራት፣ ከማርች እስከ ኦገስት፣ ገና አልተከፈሉም። ይህ 3,000 የእርሱ ቁጠባ አይደለም፤ ዕቁብተኞቹ ያለ ወለድ ያስቀደሙለት ገንዘብ ነው። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ሁሉ ባለዕዳ ነው፤ የመጨረሻው ብቻ ነው ሙሉውን የራሱን የሚወስድ። ይህን አባቶቻችን በደንብ ያውቁት ነበር፤ ለዚህ ነው ዕጣ ለወጣለት ሰው ዋስ የሚጠይቁት።

«ታዲያ ዕዳዬን ለካሲኖ ልናዘዝ?» አለኝ።

አዎ፣ ምክንያቱም ስቴትመንቱ ይናገራል። ወደፊት በማርችም፣ በኤፕሪልም 500 ፓውንድ ወደ ሰብሳቢው ሲወጣ ይታያል። ከደብዳቤው የተደበቀ፣ በስቴትመንቱ የተገለጠ ነገር ደግሞ እውነት የሆነውን ሁሉ ያስጠረጥራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ግን እያደር እስኪጠራ ሳንጠብቅ እኛው በመጀመሪያው ቀን ብናጠራው ይሻላል።

ደብዳቤው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«ማርች 8 ቀን 2025 ያስገባሁት 6,000 ፓውንድ በስሜ ካለው የባንክ ሒሳብ የወጣ ነው (ማስረጃ 1)። ወደዚህ ሒሳብ የገባው ከዕቁብ ነው። ዕቁብ ኢትዮጵያውያን የሚጠቀሙበት የቁጠባ ማኅበር ነው፤ አባላት በየወሩ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ጠቅላላው በየተራ ለአንድ አባል ይሰጣል። የእኛ ማኅበር 20 አባላት አሉት፤ መዋጮው 500 ፓውንድ ነው። በፌብሩዋሪ 23 ተራዬ ደርሶ 10,000 ፓውንድ ተቀበልኩ፤ 8,500 በባንክ፣ 1,500 በጥሬ ገንዘብ (ማስረጃ 2 እና 3)። ጥሬ ገንዘቡን በፌብሩዋሪ 25 ባንክ አስገብቻለሁ (ማስረጃ 4)። እስከዚያ ቀን ድረስ ያዋጣሁት 7,000 ፓውንድ ሲሆን በየወሩ ከሒሳቤ ሲወጣ ይታያል (ማስረጃ 5)። ቀሪውን 3,000 እስከ ኦገስት 2025 እከፍላለሁ። መዋጮውን የምከፍለው ከደመወዜ ነው (ማስረጃ 6)። ያስገባሁት 6,000 ቀደም ብዬ ካዋጣሁት 7,000 በታች ነው።»

ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ንዴት የለበትም፣ ልመናም የለበትም፣ «ለስንት ዓመት ደንበኛችሁ ሆኜ» የሚል ወቀሳም የለበትም። ቀን፣ ገንዘብና ስም አለው። አንባቢው ማንኛውንም ዓረፍተ ነገር ሲያነብ የሚቀጥለው ጥያቄው በቅንፍ ውስጥ ባለው ቁጥር ይመለሳል። ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ ማኅበር ያለን እኛ ብቻም አይደለንም። ጃማይካውያን «ፓርድነር» ይሉታል፣ ፓኪስታናውያን «ኮሚቴ»፣ ሶማሌዎች «ሃግባድ»። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ «ፓርድነር እንደሚባለው ያለ» የሚል ሐረግ ጨመርንበት፤ የሚያነበው ሰው ከጎረቤቱ የሰማውን ያስታውስ ይሆናል።

አሁን ወደ ማስረጃዎቹ። አንደኛውና አምስተኛው የባንክ ስቴትመንት ናቸው፤ ከባንኩ በቀጥታ የወረደ ሙሉ ሰነድ መሆን አለበት፣ ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና ቀን የሚታይበት። ተቆርጦ የተነሳ ፎቶ አይበቃም። አንዳንድ ሰው የማይመለከታቸውን ወጪዎች በጥቁር ይሸፍናል። ከመሸፈናችሁ በፊት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የተሸፈነ ገጽ ተመላሽ ይሆናል። ቁጥር የነካካ ሰው ደግሞ ራሱን ጎዳ፤ ስቴትመንት እያንዳንዱ መስመር ካለፈው ቀሪ ላይ ተደምሮ ወይም ተቀንሶ የሚሄድ ስለሆነ፣ አንድ ቁጥር ሲለወጥ ከሥሩ ያለው ሁሉ አይገጥምም።

ሁለተኛው ከሁሉም የከበደን ነበር፤ የሰብሳቢው ደብዳቤ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ የሁሉንም አባላት ስም የያዘ ደብተር አላቸው። «የሰው ስም ለቁማር ቤት አልሰጥም» አሉ፣ ልክም ናቸው። መፍትሔው ቀላል ሆነ። የወዳጄን ስም፣ የተቀበለውን ገንዘብ፣ ቀኑንና የ20 አባላት ማኅበር መሆኑን ብቻ ጽፈው ፈረሙ፤ የደብተሩን ገጽ ደግሞ የሌሎቹን ስም ሸፍነን በተራ ቁጥር ብቻ ፎቶ አነሳነው። ደብተሩ በአማርኛ ስለነበር ትርጉም አስፈለገው፤ ተርጓሚው ትርጉሙ ትክክል መሆኑን አረጋግጦ፣ ስሙን፣ አድራሻውንና ቀኑን ጽፎ ፈረመበት። ሦስተኛው 8,500ው ከሰብሳቢው የገባበት የስቴትመንት ገጽ ነው። ስድስተኛው የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀትና የዓመቱ የግብር ማጠቃለያ ነው፤ በወር 2,150 ፓውንድ የተጣራ ገቢ ያሳያል።

አራተኛው የ1,500ው ነገር ነው። ጥሬ ገንዘብ ክሩ የሚበጠስበት ቦታ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ አሻራ አይተውም። ወዳጄን ያዳነው ገንዘቡን በሁለት ቀን ውስጥ ባንክ ማስገባቱና ደረሰኙን ኮት ኪሱ ውስጥ ማግኘቱ ነው። የሰብሳቢው ደብዳቤ 1,500 ይላል፣ ደረሰኙ 1,500 ይላል፣ ቀናቱም ተቀራራቢ ናቸው። ሦስት ወር ቆይቶ፣ አራት ቦታ ከፋፍሎ አስገብቶት ቢሆን ኖሮ ማንም ሊያገናኘው አይችልም ነበር። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ወረቀት አያሠራ። ያለፈ ቀን የተጻፈበት አዲስ ደብዳቤ፣ ወይም «ስጦታ ሰጥቼዋለሁ» ብሎ እንዲፈርም የተለመነ ዘመድ፣ ትንሹን ክፍተት ወደ ወንጀል ይለውጠዋል። «ለዚህች ክፍል ወረቀት የለኝም፤ የሆነው ይህ ነው» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ሁሉንም ከላክን በኋላ ዝምታ ሆነ። ወዳጄ በየቀኑ ሊደውልላቸው ፈለገ። አንድ ጊዜ ደርሷችኋል ወይ ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። አንዳንድ ጊዜ ድርጅቱ ጉዳዩን ለብሔራዊ ወንጀል ተከላካዩ መሥሪያ ቤት አሳውቆ መልስ እየጠበቀ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለደንበኛው ያንን መንገር በሕግ ሊያስጠይቀው ስለሚችል ሠራተኛው ቢለመንም አይናገርም። ሁሌም ግን እንዲህ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ወረፋ ነው። በእናንተም በኩል መብት አለ። ገንዘባችሁን ማውጣት ስትጠይቁ፣ ቀደም ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችል የነበረውን ነገር በዚያች ሰዓት መሰናክል አድርጎ ማምጣት ፈቃዱ ይከለክለዋል፤ ሕግ ያስገደደው ካልሆነ በስተቀር። ነገሩ ከተንጓተተ በጽሑፍ ቅሬታ አስገቡ። በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልተፈታ ያለ ክፍያ ወደ ገለልተኛ አስታራቂ መውሰድ ይቻላል።

ለወዳጄ ያ ሁሉ አላስፈለገም። በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ፤ ማስረጃው ተቀባይነት አግኝቷል። አካውንቱ ተከፈተ፤ ከገቢው አንጻር ድርጅቱ በወር ከ200 ፓውንድ በላይ እንዳያስገባ ገደብ አደረገበት። ምንጩ ንጹሕ ነው ማለት አቅሙ ይችላል ማለት አይደለምና።

ታሪኩ ለእኔ የሚጥመኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያን ማታ ሲደውልልኝ ድምፁ ሌላ ነበር። «ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት» አለኝ። ከ10,000ው 6,000 ካሲኖ ገብቷል። 3,000 ለእናቱ ቤት ማደሻ ተልኳል። በእጁ የቀረው 1,000 ነው። ዕዳው ደግሞ 3,000። ለሌላ ሰው ለማስረዳት ብሎ የጻፈውን ሒሳብ ለራሱ ጽፎት አያውቅም ነበር። ከ6,000ው 2,760ው በዚያ ቅዳሜና እሑድ ተበልቷል፤ ካሲኖው ውስጥ የተረፈው 3,240 ነበር። ያንኑ ዕለት ሁሉንም አወጣው። ስድስቱን የዕቁብ ወራት ለይቶ ሌላ ሒሳብ ውስጥ አስቀመጠ። ከዚያም በብሪታንያ ፈቃድ ባላቸው የኢንተርኔት ቁማር ቤቶች ሁሉ ራስን በአንድ ጊዜ ማገጃ በሆነው በጋምስቶፕ ለስድስት ወር ተመዘገበ። ከዕቁቡ ማብቂያ ያልፋል ማለት ነው። ማንም አላዘዘውም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ? ወረቀት መያዝ ለካሲኖ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ ነገ ቤት ስትገዙ ሶሊሲተሩ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃችኋል። ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሩ። መዋጯችሁን በባንክ ላኩ፣ ማስታወሻው ላይ «ዕቁብ» ብላችሁ ወሩን ጻፉ። በእጅ የተቀበላችሁትን በነጋታው ባንክ አስገቡ፣ ደረሰኙን በስልክ አንሱ። ዕጣ በወጣላችሁ እሑድ ደግሞ፣ ቡናው ተጠጥቶ ምርቃቱ ካበቃ በኋላ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ሰብሳቢውን አንድ ፊርማ ጠይቁ።